ከሁለት ያጣ

«ጥራት በተመጣጣኝ ዋጋ» የምትለዋን ሐረግ የቤት ዕቃ መደብር በራፍ ላይ ተሰቅላ ባያት ግድ የለኝም። ማስታወቂያ ነው፣ ይለጠፍ። ደሜን የሚያፈላው ይህቺው ሐረግ ካባ ደርባ የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ስትገባ ነው። የማይክል ፖርተርን ሦስት መንገዶች በቃሉ የሚወጣ፣ ስዕሉን ዓይኑን ጨፍኖ የሚስል ተማሪ፣ መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ «ድርጅቱ ኮስት ሊደርሺፕን ከዲፈረንሲዬሽን ጋር አጣምሮ እንዲከተል እመክራለሁ» ይላል። እንዴት እንደሚጣመር አንድ መስመር የለም። ምን እንደሚተው አንድ ቃል የለም። ፈታኞቹም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ውጤት ይሰጣሉ፣ ቡና ይጠጣል።

ፖርተር በ1980 ባወጣው መጽሐፍ ያለው ነገር እኮ ግልጽ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። አንድ ድርጅት ከተፎካካሪዎቹ ሁሉ ባነሰ ወጪ እየሠራ ማትረፍ ይችላል። ወይም ገዢው ተጨማሪ ገንዘብ ሊከፍልበት የሚፈቅደውን የተለየ ነገር እያቀረበ ማትረፍ ይችላል። ወይም ደግሞ ሰፊውን ገበያ ትቶ አንድን ጠባብ ክፍል ከማንም በተሻለ ማገልገል ይችላል፤ ይህም በወጪ ወይም በልዩነት ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ አንዱንም በወጉ ያልያዘ መሃል ላይ ይቀረቀራል፤ ዋጋ የሚያየው ገዢ ወደ ርካሹ ይሄድበታል፣ ጥራት የሚፈልገው ወደ ተሻለው ይሄድበታል። በኛ አባባል ከሁለት ያጣ ይሆናል።

ይህን ለመረዳት የአሜሪካን የአየር መንገዶች ታሪክ የሚያህል ትምህርት ቤት የለም። አንድ ጉዳይ ብቻ ይዤ እስከ መጨረሻው ልሂድበት።

ሳውዝዌስት በ1971 በቴክሳስ ዳላስን፣ ሂዩስተንንና ሳን አንቶኒዮን በማገናኘት መብረር ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ አጠረውና ከነበሩት አራት አውሮፕላኖች አንዱን ሸጠ። የበረራ ፕሮግራሙን ግን መቀነስ አልፈለገም። በሦስት አውሮፕላን የአራቱን ሥራ ለመሥራት የነበረው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ አውሮፕላኑ አርፎ፣ ተሳፋሪ አውርዶ፣ ሌላ ጭኖ ተመልሶ እስኪነሳ ያለውን ጊዜ ወደ አሥር ደቂቃ ማውረድ። አደረጉት።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ሒሳብ ሥሩ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የኔ ናቸው፣ አሠራሩ ግን እውነተኛ ነው። በረራው 50 ደቂቃ ይወስዳል እንበል። አንዱ አየር መንገድ መሬት ላይ 15 ደቂቃ ይቆማል፣ ሌላው 45። በ13 ሰዓት የሥራ ቀን ውስጥ የመጀመሪያው 12 በረራ ያደርጋል፣ ሁለተኛው 8። አውሮፕላኑን መያዝ ብቻውን በቀን 24,000 ዶላር ቢያስወጣ፣ ለመጀመሪያው በአንድ በረራ 2,000 ዶላር ይደርሳል፣ ለሁለተኛው 3,000። መቶ መቀመጫ ካለው፣ በአንድ ወንበር የአሥር ዶላር ልዩነት ተፈጠረ ማለት ነው። ማንም ደመወዝ አልተቀነሰበትም፣ ማንም አውሮፕላን በርካሽ አልገዛም። ልዩነቱ የመጣው ከደቂቃ ነው።

አሁን ጥያቄው ደቂቃዋ ከየት መጣች የሚለው ነው። ምግብ ስለማይጫን መጣች። የወንበር ቁጥር ስላልነበረ ሰው እየተሯሯጠ ባገኘበት ስለሚቀመጥ መጣች። አውሮፕላኖቹ ሁሉ ቦይንግ 737 ስለሆኑ ማንኛውም አብራሪና ማንኛውም መካኒክ ማንኛውንም አውሮፕላን ያውቀዋል። ሻንጣ ለሌላ አየር መንገድ ስለማይተላለፍ፣ ከሌላ በረራ የሚመጣ ዘግይቶ የቀረ መንገደኛ ስለማይጠበቅ፣ በተጨናነቀው ትልቅ አየር ማረፊያ ፋንታ ብዙ ጊዜ አነስ ያለው ስለሚመረጥ መጣች። ከእነዚህ አንዱም ብቻውን ብርቅ አይደለም። የሚያስደነግጠው ሁሉም ወደ አንዲት ደቂቃ የሚያመሩ መሆናቸው ነው፤ እያንዳንዳቸው ደግሞ ለአንድ ዓይነት ተሳፋሪ «አንተን አላስተናግድም» የሚሉ እምቢታዎች ናቸው።

ስለዚህ ኮስት ሊደርሺፕ ማለት ዋጋ መቀነስ ነው የምትሉኝ ልጆች፣ እባካችሁ ተዉ። ዋጋ በአንድ ሌሊት ይቀነሳል፣ ስልክና ማስታወቂያ ብቻ ይበቃል። በ1973 ብራኒፍ የሚባለው ትልቅ አየር መንገድ በዳላስና ሂዩስተን መካከል ዋጋውን በግማሽ ቆርጦ 13 ዶላር አደረገው፤ ይህ መስመር በወቅቱ ሳውዝዌስት የሚያተርፍበት ብቸኛ መስመር ነበር። ሳውዝዌስት ምን አደረገ? ተሳፋሪው ከፈለገ 13 እንዲከፍል፣ ሙሉውን 26 ከከፈለ ደግሞ አንድ ጠርሙስ ውስኪ በስጦታ እንዲወስድ አደረገ። ብዙው ነጋዴ መንገደኛ ሙሉውን ከፍሎ ጠርሙሱን ይዞ ሄደ፤ ቲኬቱን የሚከፍለው መሥሪያ ቤቱ ነዋ! ሳውዝዌስት በዚያው ዓመት አተረፈ፤ ከዚያም እስከ 2019 ድረስ ለ47 ዓመት በተከታታይ ማትረፉን አላቋረጠም። ብራኒፍ የነካው ዋጋውን እንጂ ወጪውን አልነበረም። ከወጪ በታች የተቆረጠ ዋጋ ኪሳራ ነው፣ ስሙን ብትቀይሩለትም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ።

ኮንቲኔንታል በ1983 እና በ1990 ሁለት ጊዜ የኪሳራ ከለላ ውስጥ ገብቶ በ1993 ሚያዝያ የወጣ፣ ሂዩስተን ላይ የተቀመጠ ትልቅ አየር መንገድ ነበር። ሙሉ አገልግሎት የሚሰጥ፣ ፈርስት ክላስ ያለው፣ በትልልቅ ማዕከሎቹ ተሳፋሪ ሰብስቦ ወደየአቅጣጫው የሚበትን። አለቆቹ የሳውዝዌስትን ትርፍ አዩና በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ «ኮንቲኔንታል ላይት» የሚባል ነገር ፈጠሩ። በአጫጭር መስመሮች ምግቡን አነሱ፣ ፈርስት ክላሱን ነቀሉ፣ ዋጋውን ቀነሱ፣ በረራውን አበዙ፣ አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚቆምበትን ጊዜ ለማሳጠር ተነሱ። ረጃጅሙ መስመር ደግሞ እንደ ድሮው ሙሉ አገልግሎት እንዲሰጥ ተወሰነ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላል ያገሬ ሰው። ለእርሻና ለኑሮ ጥሩ ምክር ነው። አየር መንገድ ላይ ግን ሁለቱ ባላዎች አንድ ጉድጓድ ውስጥ ተተክለው እርስ በርስ ይገፋፉ ነበር።

እንዴት እንደተገፋፉ በቅርብ ተመልከቱ። የላይት ተሳፋሪ ሻንጣው እስከ መጨረሻ መድረሻው እንዲላክለት፣ ወንበሩም አስቀድሞ እንዲመደብለት ተፈቀደ፤ ምክንያቱም ይኸው ሰው ከላይት ወርዶ ወደ ሙሉ አገልግሎቱ በረራ ሊቀየር ይችላል። ሻንጣ ማዛወር ደቂቃ ይበላል። ማዕከሉ ላይ መጨናነቅ ሲኖር ላይት አብሮ ይቆማል። አንድ በረራ ሃያ ደቂቃ ሲዘገይ፣ ያው አውሮፕላን በዚያ ቀን የሚያደርጋቸው ቀሪ በረራዎች ሁሉ ይዘገያሉ። ሳውዝዌስት ላይ ደቂቃን የሚያተርፉት እምቢታዎች ኮንቲኔንታል ጋ ስላልነበሩ፣ የቀረው ግቡ ብቻ ነበር። ፖርተር በ1996 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ በጻፈው ሰፊ ጽሑፍ እንዳሰፈረው፣ የዘገዩና የተሰረዙ በረራዎች በቀን አንድ ሺህ ያህል አቤቱታ ያመጡ ነበር።

ከዚያ የባሰው መጣ። የቲኬት ወኪሎች ኮሚሽን አለ። በቀነሰ ዋጋ ላይ የተለመደውን ኮሚሽን መክፈል አይቻልም፤ ወኪሎቹን መተው ደግሞ አይቻልም፣ የሙሉ አገልግሎቱን ቲኬት የሚሸጡለት እነሱ ናቸዋ። ስለዚህ ምን ተደረገ? ኮሚሽኑ በሁሉም በረራ ላይ ተቀነሰ። የማይል ነጥብም እንደዚሁ። በላይት ርካሽ ቲኬት ለሚበር ሁሉ የድሮውን ያህል ሽልማት መስጠት ስለማያዋጣ፣ የጠቅላላው ፕሮግራም ሽልማት ተቀነሰ። አያችሁ የመሃሉን መርዝ? ርካሹ ክፍል ውድ የሚከፍለውን ደንበኛ ጥቅም በላ፤ ውዱ ክፍል ደግሞ የርካሹን ደቂቃ በላ። ወኪሉ ተቀየመ፣ በየሳምንቱ የሚበረው ነጋዴ ተቀየመ፣ ርካሽ ፈልጎ የመጣውም በር ላይ ቆሞ ቀረ።

ኮንቲኔንታል በ1994 ወደ 613 ሚሊዮን ዶላር ከሰረ። ኪሳራው ሁሉ የላይት ነው አልልም፤ የመልሶ ማደራጀት ወጪም አለበት፣ ድርጅቱ ቀድሞም ቢሆን ጤነኛ አልነበረም። ግን ሥራ አስፈጻሚው በዚያው ዓመት ወንበሩን ለቀቀ፣ ላይትም በ1995 ተዘጋ።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ክፍል ውስጥ ብዙ አይነገርም፣ እኔ ግን ከውድቀቱ ይልቅ እሱን እወደዋለሁ። ጎርደን ቤትዩን የሚባል፣ ከቦይንግ የመጣ ሰው ድርጅቱን ተረከበ። የሰዓት አክባሪነት ደረጃቸው ከአሥሩ ትልልቅ አየር መንገዶች አሥረኛ ነበር። ቤትዩን የመረጠው ርካሽ ፈላጊውን ሳይሆን ለሥራ የሚበረውን፣ ለሰዓቱ የሚከፍለውን ሰው ነው። ወኪሎቹ ይቅርታ ተጠየቁ፣ የማይል ፕሮግራሙ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ከዚያ አንዲት ቀላል ነገር ተደረገች፤ ኮንቲኔንታል በመንግሥት የሰዓት አክባሪነት ሰንጠረዥ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ በገባ ቁጥር ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በወር 65 ዶላር ይከፈለው ጀመር። ሻንጣ ጫኙም፣ ቲኬት ቆራጩም። በ1995 ድርጅቱ 224 ሚሊዮን ዶላር አተረፈ።

ልብ በሉ፣ እዚህም ሰዓት ነው፣ ሳውዝዌስትም ጋ ሰዓት ነው። ነገር ግን ሳውዝዌስት ደቂቃውን የፈለገው ወንበሩን ለማርከስ ነው፤ ቤትዩን የፈለገው ደግሞ ነጋዴው ስብሰባው ላይ በሰዓቱ እንዲደርስና ለዚያ እንዲከፍል ነው። «ሁለቱም ኦፕሬሽናል ኤክሰለንስ ነው» ብሎ በአንድ ቅርጫት የሚጨምር ተማሪ አንዱም አልገባውም።

ትኩረት የሚባለው ሦስተኛው መንገድ ላይ ደግሞ ሌላ ስንፍና አለ። ተማሪዎቻችን ፎከስን «ትንሽ ድርጅት የሚከተለው» አድርገው ይይዙታል። አሌጂያንትን ተመልከቱ። ከትንንሽ የአሜሪካ ከተሞች ተነስቶ ወደ ላስ ቬጋስና ወደ ፍሎሪዳ መዝናኛዎች የሚበር፣ በብዙ መስመሮቹ ላይ በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ የሚሠራ አየር መንገድ ነው። ለዓመታት ያበረው ያረጁ ኤምዲ-80 አውሮፕላኖችን ነበር፤ የመጨረሻዎቹን ያሰናበተው በ2018 ነው። አሮጌ አውሮፕላን ነዳጅ ይጠጣል፣ ጥገና ይበዛበታል። ግን ሲገዛ ርካሽ ስለሆነ፣ ማክሰኞ ቀን ቆሞ ቢውል የሚያሳጣው ገንዘብ ትንሽ ነው። ሳውዝዌስት ጋ ኃጢአት የሆነው ቆሞ መዋል፣ አሌጂያንት ጋ የአሠራሩ አካል ነው፤ ሽርሽር የሚሄድ ቤተሰብ ማክሰኞ መብረር አይፈልግምና። ትኩረት ማለት ይህ ነው፤ የመረጥከው ጠባብ ገዢ የሥራህን ሒሳብ ከሥሩ ሲቀይረው። ገዢህ ተለይቶ አሠራርህ ከሌላው ጋር አንድ ከሆነ፣ ያለህ የማስታወቂያ ዒላማ ብቻ ነው።

አሁን «ቶዮታስ?» የሚለው ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር ይመጣል። ቶዮታ ጥራትንም ወጪንም አብሮ አሻሽሏል፣ እውነት ነው። የብልሽት ቁጥርን መቀነስ ሁለቱንም ይረዳል፣ ምክንያቱም የተበላሸ መኪና መጠገን ራሱ ወጪ ነው። ብክነት ያለበት ማንኛውም ድርጅት ብክነቱን እስኪያራግፍ ድረስ በሁለቱም በኩል መሻሻል ይችላል። የምርጫው ጭንቀት የሚመጣው ብክነቱ ካለቀ በኋላ፣ አንድ ደቂቃ ለመጨመር ወይም ለመቀነስ ስትገደድ ነው። ፖርተር ራሱም በ1985 መጽሐፉ በሩን ጥርቅም አድርጎ አልዘጋውም፤ ተፎካካሪዎችህ ራሳቸው መሃል ላይ ከተቀረቀሩ፣ ወጪው በገበያ ድርሻ ብዛት ክፉኛ የሚወሰን ከሆነ፣ ወይም ማንም የሌለው ትልቅ ፈጠራ በእጅህ ከሆነ፣ ለጊዜው ሁለቱን መያዝ ይቻላል ብሏል። ከእሱ በኋላ የመጡ ጥናቶችም ሁለቱን አዋህደው የሚያተርፉ ድርጅቶችን አግኝተዋል። እሺ። ታዲያ የመመረቂያ ጽሑፍህ ውስጥ ያለው ድርጅት ከእነዚህ በየትኛው ይገባል? ጻፈው! ካልጻፍከው የቶዮታን ስም አታንሳብኝ።

መሃል ላይ መቀርቀር ደግሞ እንደ ጉንፋን በአንድ ቀን አይታወቅም። እኔ የመጀመሪያ ምልክት የማደርገው ልዩ ፈቃድን ነው። «ለዚህ ደንበኛ ብቻ ዋጋ እንቀንስ»፣ «ለዚህ ብቻ በነፃ እናድርስ» የሚሉ ደብዳቤዎች በሽያጭ ክፍሉ ፋይል ውስጥ ሲበዙ፣ ዋናው ቅናሽ ፈላጊ ደግሞ ውድ ይከፍላል የተባለው ደንበኛ ሲሆን፣ ነገሩ ተበላሽቷል። ሁለተኛው፣ ድርጅቱ ባለፈው ዓመት እምቢ ያለውን አንድ ገቢ የሚያመጣ ሥራ ጠይቁ። መልሱ ዝምታ ከሆነ ስትራቴጂ የለም። የኛ ተማሪ ግን መጠይቅ በትኖ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ያስሰጣል፤ ሥራ አስኪያጁ ለኮስትም አራት፣ ለዲፈረንሲዬሽንም አራት ይሞላል፤ ከዚያ «ሁለቱንም በጥሩ ሁኔታ ይከተላል» ተብሎ ይደመደማል። በሒሳብ መዝገቡ ውስጥ ያለው ደረሰኝ ሌላ ይናገራል፣ የሚያየው የለም።

ሳውዝዌስትን አምልኩት እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ኤሊዮት የሚባል ኢንቨስተር ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ድርሻ መያዙ በ2024 ሰኔ ታወቀ፣ ግፊቱም ተጀመረ። በዚያው ዓመት መስከረም የሳውዝዌስት አለቆች ለባለሀብቶች አንድ ስሌት አቀረቡ፤ ለሻንጣ ብናስከፍል ከ1 እስከ 1.5 ቢሊዮን ዶላር እናገኛለን፣ ግን ሻንጣ በነፃ ስለሆነ የሚመጣልንን ደንበኛ ስናጣ 1.8 ቢሊዮን እናጣለን አሉ። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በመጋቢት 2025፣ ያንኑ ክፍያ አወጁ፤ ሁኔታው ተቀይሯል ብለው። ከግንቦት 28 ጀምሮ ለብዙው ተሳፋሪ የመጀመሪያው ሻንጣ 35 ዶላር ሆነ። በጥር 2026 ደግሞ የወንበር ቁጥር መጣ፣ እግር መዘርጊያው ሰፋ ያለ ወንበርም በተጨማሪ ዋጋ።

ለፍትሕ ያህል ልበል፤ የሳውዝዌስት የወጪ ብልጫ ከዚያ በፊት ተሸርሽሮ ነበር። ደመወዙ ከትልልቆቹ ጋር ተስተካክሏል፣ ከሱ በታች የሚበሩ እጅግ ርካሽ አየር መንገዶች መጥተዋል። ባለበት መቆም አይችልም ነበር፣ ይገባኛል። ግን የሄደበት አቅጣጫ ዴልታና ዩናይትድ ለዓመታት የያዙት ሜዳ ነው፤ እነሱ ሳሎን አላቸው፣ ቢዝነስ ክላስ አላቸው፣ ረጅም ዓለም አቀፍ መስመር አላቸው። ሳውዝዌስት የወንበር ቁጥር አለው። ከላይ የሚፎካከረውን ሳያገኝ የታችኛውን ለቀቀ ብዬ አምናለሁ። ልሳሳት እችላለሁ፤ ገቢው ለተወሰኑ ሩብ ዓመታት ከፍ ማለቱም አይቀርም፣ ምክንያቱም ነባር ደንበኛ ክፍያ ሲጨመርበት ወዲያው አይሄድም። ስለዚህ ገቢው አያሳምነኝም።

የማየው ሌላ ነገር ነው። ለሻንጣ ሲያስከፍሉት ሰው ሻንጣውን ይዞ ካቢን ውስጥ ይገባል። ማስቀመጫው ይሞላል፣ መተላለፊያው ይዘጋል፣ የመጨረሻዎቹ አሥር ሰዎች ሻንጣ ተመልሶ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ ይወርዳል። የዚህ ሁሉ ሒሳብ በደቂቃ ነው የሚከፈለው። ይህን ዓመት የስትራቴጂ ጽሑፍ የምትጽፉ ልጆች የሳውዝዌስትን መግለጫ ትታችሁ፣ አውሮፕላኖቹ በር ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚቆሙ ከ2024 ጋር አስተያዩልኝ፤ ከዚያ ኑና እንከራከር።